ራስን የማስተዋወቅ ንግግር በየመድረኩ እንዴት ይዘጋጃል?

ብዙ ባለሙያዎች ራሳቸውን የሚያስተዋውቁበትን ንግግር አንድ ጊዜ አዘጋጅተው በየደረሱበት ይደግሙታል። ይሁን እንጂ በአንድ መድረክ ተቀባይነት ያገኘ ንግግር በሌላው ግራ ሊያጋባ ይችላል። ምክንያቱም አድማጮች አፍ አውጥተው ባይናገሩትም በልባቸው የሚይዙት ጥያቄ የተለያየ ነው። በመሆኑም የተናጋሪው ማንነትና የሥራ ታሪክ ሳይለወጥ፣ የትኛው መረጃ ቀድሞ እንደሚነገርና ንግግሩ በምን እንደሚደመደም በየመድረኩ መወሰን ይገባል።

ለአብነት ያህል ስድስት ዓመት የሠራች አንዲት የውሃ መሐንዲስን እንውሰድ። በናፍጣ ይሠሩ የነበሩ የሦስት ቀበሌ የጉድጓድ ውሃ ፓምፖችን ወደ ፀሐይ ኃይል በቀየረ ቡድን ውስጥ ተሳትፋለች። የእሷ ድርሻ የጉድጓዶቹን ውሃ የመስጠት አቅም መለካትና የፓምፖቹን መጠን መወሰን ነበር።

ለነፃ ትምህርት ዕድል መራጮች

መራጮች ማወቅ የሚፈልጉት አመልካቿ ራሷ ምን እንደሠራችና ትምህርቱን ምን እንደምታደርግበት ነው። ለምሳሌ በእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው የቼቭኒንግ ዕድል ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ አገሩ ተመልሶ ሁለት ዓመት እንዲቆይም ያስገድዳል። ስለዚህ ንግግሩ ካለፈው ሥራ ተነሥቶ ወደ ወደፊቱ መድረስ አለበት፦

«የውሃ መሐንዲስ ነኝ። በሦስት ቀበሌዎች ፓምፖች ወደ ፀሐይ ኃይል ሲቀየሩ የጉድጓዶቹን አቅም የለካሁት እኔ ነኝ። የዛሬውን አቅም መለካት ችያለሁ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ምን ያህል ውሃ እንደሚኖር ግን መተንበይ አልቻልኩም። መማር የምፈልገው ይህንን ነው፤ ስመለስም በዚያው ሥራ እቀጥላለሁ።»

እዚህ ላይ «ሠራን» ማለት ትሕትና ቢመስልም የአመልካቿን ድርሻ ይሸፍነዋል። ያልቻለችውን መናገሯም አይጎዳትም፤ ለመማር የፈለገችበትን ምክንያት ያሳያልና።

ለደንበኛ

ለናፍጣ ብዙ የሚያወጣ የመስኖ እርሻ ባለቤት የመሐንዲሷን የትምህርት ታሪክ ለመስማት አይቸኩልም። ንግግሩ ከእሱ ችግር ተነሥቶ ቀጥሎ ወደሚደረገው ሥራ ይሄዳል፤ ከግማሽ ደቂቃም ባይበልጥ ይመረጣል፦

«የጉድጓድ ፓምፖችን ከናፍጣ ወደ ፀሐይ ኃይል እንቀይራለን። የእኔ ሥራ የጉድጓዱን አቅም ለክቶ ለእሱ የሚመጥነውን ፓምፕ መወሰን ነው። ፓምፑ ከጉድጓዱ አቅም በላይ ከሆነ ያለ ውሃ እየሠራ ሊቃጠል ይችላል። ጉድጓዱ ሲቆፈር የተደረገው የፓምፕ ሙከራ ሰነድ በእጅዎ ይገኛል?»

በጥያቄ መደምደሙ ደንበኛው ስለ ራሱ ጉድጓድ እንዲናገር ዕድል ይሰጠዋል።

ለአካባቢ ነዋሪዎች

በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሽማግሌዎች መርቀው ሰብሳቢው ሳያስተዋውቃት እንግዳዋ ቀድማ አትናገርም። ተራዋ ሲደርስም ተነሥታ ሰላምታ ትሰጣለች፤ ስሟን ከነአባቷ ስም፣ የመጣችበትንም አካባቢ ትናገራለች። ከዚያም፦

«የመጣሁት የጉድጓዱን ውሃ ለመለካት ነው። ሦስት ቀን እቆያለሁ። በእነዚህ ቀናት ከጉድጓዱ መቅዳት ስለማይቻል አስቀድማችሁ ውሃ እንድትይዙ እለምናለሁ። ፓምፑ ይቀየር አይቀየር የምወስነው እኔ አይደለሁም። ውጤቱን ግን ተመልሼ እዚሁ እነግራችኋለሁ።»

በዚህ መድረክ ትልቁ አደጋ ያልታሰበ ተስፋ መስጠት ነው። ለመራጮች የተነገረው የሦስቱ ቀበሌዎች ታሪክ እዚህ ቢደገም ነዋሪው «ለእኛም ሊሠራልን ነው» ብሎ ይረዳዋል። ሥራው ሳይፈቀድ ቢቀር ቅሬታው ከእሷ አልፎ ቀጥሎ ለሚመጣውም ባለሙያ ይተርፋል። የሥልጣኗን ወሰን በግልጽ የምትናገረው ለዚህ ነው። የአካባቢው ተወላጅ ካልሆነችም ቅርበት ለማግኘት ስትል ዝምድና መፍጠር የለባትም፤ የማን ልጅ መሆኗ በቀላሉ ይጣራል።

ንግግሩ መሳካቱ በምን ይታወቃል?

ከንግግሩ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ጥሩ መለኪያ ነው። መራጮች «ታዲያ የአንቺ ድርሻ ምን ነበር?»፣ ደንበኛው «ለመሆኑ ሥራችሁ ምንድን ነው?»፣ ሽማግሌዎች «ገንዘቡ መቼ ነው የሚመጣው?» ብለው ከጠየቁ ንግግሩ ዋናውን ጉዳይ ስቷል ማለት ነው። በአንጻሩ መራጮች ስለ ትምህርት ዕቅዷ፣ ደንበኛው ስለ ጉድጓዱ፣ ነዋሪዎች ውሃ ስለማይቀዳባቸው ቀናት ከጠየቁ መልእክቱ ደርሷል።

ሦስቱን ንግግሮች ጎን ለጎን ጽፎ ማስተያየትም ይጠቅማል። የሚለያዩት በቅደም ተከተልና በአጽንዖት ብቻ መሆን ይኖርበታል። በአንደኛው የቡድን አባል የነበረች ባለሙያ በሌላው የቡድን መሪ ሆና ከተገኘች ግን ጉዳዩ ንግግርን ለአድማጭ ማስማማት መሆኑ ቀርቶ ሐሰት ይሆናል።