ክሪያቲን ለኳስ ተጫዋች፦ ረመዷን በውድድር መሃል ሲገባ

ፋሲል ከነማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ባነሳበት በ2013 ዓ.ም. ውድድሩ ታኅሣሥ ላይ ተጀምሮ ግንቦት ላይ አበቃ። ረመዷን ደግሞ ሚያዝያ 5 ቀን ገባ። ዋንጫው የሚወሰንባቸው ሳምንታት ከጾሙ ጋር ተገናኙ ማለት ነው። ክለቡ ክሪያቲን ይጠቀም ነበር እያልን አይደለም፤ የምንወስደው ቀኖቹን ብቻ ነው። ሙስሊም ተጫዋች ይህን ዱቄት መቼ መጀመር እንዳለበት በደንብ ያሳያሉና።

ክሪያቲን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው፣ ከሥጋና ከዓሣም የምናገኘው ንጥረ ነገር ነው። በአብዛኛው ጡንቻ ውስጥ ይከማቻል። የክንፍ ተጫዋች ለጥቂት ሰከንዶች በሙሉ ኃይሉ ሲሮጥ ጡንቻው ቶሎ የሚደርስለት ከዚህ ክምችት ነው። ሲያርፍ ክምችቱ ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ ሳይመለስ እንደገና ከሮጠ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ጥቅሙ በይበልጥ የሚታየው ከመጀመሪያው ሩጫ ይልቅ በተደጋገሙት ላይ ነው። ትንፋሽ ግን አይጨምርም። እንደ ጎንደርና ደባርቅ ባለ ደጋ ትንፋሽ የሚያጥረው ተጫዋች መድኃኒቱ ልምምድ ነው።

ክምችቱን ለመሙላት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በቀን 20 ግራም ለአራት ከፍሎ ከ5 እስከ 7 ቀን መውሰድ ነው። ቶሎ ይሞላል፤ ነገር ግን ጡንቻ ውኃ ስለሚይዝ ክብደት አንድ ኪሎ ያህል ሊጨምር ይችላል፣ ሆድም ያውካል። በጨዋታ ሳምንት፣ ይልቁንም በጾም፣ ይህን አንመክርም። ሁለተኛው በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ብቻ መውሰድ ሲሆን በአራት ሳምንት ገደማ እዚያው ያደርሳል።

በ2013ቱ ቀን ብናሰላው ተጫዋቹ ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ በዝግጅት ልምምድ ጊዜ፣ በ3 ግራም ይጀምራል። ታኅሣሥ ላይ ክምችቱ ሞልቷል፣ ሰውነቱም አዲሱን ክብደት ለምዷል። ረመዷን ሲገባ መጠኑን ሳይቀይር ከኢፍጧር በኋላ ከምግብና ከበቂ ውኃ ጋር ይወስዳል። ቀን ላይ አለመውሰዱ አያጎድልበትም፤ የሚሠራው የተከማቸው እንጂ የዚያን ሰዓት ጉርሻ አይደለም። አንድ ሁለት ቀን ቢረሳም አያሳስብም፤ ጨርሶ ቢያቆም እንኳ ክምችቱ ወደ ቀድሞው የሚመለሰው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ግንቦት ላይ ውድድሩ ሲያልቅ ማቆም ይችላል።

ሐላልነቱን በተመለከተ፣ ገበያ ላይ ያለው ክሪያቲን ሞኖሃይድሬት በፋብሪካ ከኬሚካል የሚሠራ እንጂ ከእንስሳ የሚወጣ አይደለም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሽፋኑ ላይ ነው፤ የካፕሱል ጄላቲን ከአሳማ ሊሆን ይችላል። ምንም ያልተቀላቀለበት ዱቄት ይሻላል።

የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አይጀምረው። ጤነኛውም የደም ምርመራ ሲያደርግ እንደሚወስድ ይናገር፤ ክሪያቲኒን የሚባለው ልኬት ከፍ ብሎ ኩላሊቱ የታመመ ሊያስመስል ይችላልና።