ርቧት ከሳህኑ የምትመለስ ድመት

ሳህኑ ሲንኳኳ ድመቷ እየሮጠች ትመጣለች። ምግቡን ታሸታለች፣ አንዴ ትቀምሳለች፣ ከዚያ ፊቷን አዙራ ትሄዳለች። የቤቱ ሰው «ጠግባ ነው» ወይም «ምግብ መምረጥ ጀመረች» ይላል። የእንስሳት ሐኪም ይህን ሲሰማ ግን ቶሎ የሚጠረጥረው አፏን ነው። ያልራባት ድመት መጀመሪያውኑ እየሮጠች አትመጣም።

ድመት ሕመሟን የምትደብቀው በተፈጥሮዋ ነው። የቤት ድመት የዘር ግንድ የሆነው የአፍሪካ የዱር ድመት ብቻውን የሚያድን እንስሳ ነው፤ ሲታመም የሚያበላው መንጋ የለውም። አይጥ ያድናል፣ ራሱ ደግሞ በትልልቅ አውሬዎች ይታደናል። ስለዚህ ድክመቱን ማሳየት አይበጀውም። የእኛይቱም ድመት እንዲሁ ናት። ብትታመምም አትጮህም፤ የዕለት ተዕለት ልማዷን ብቻ በጥቂቱ ትቀይራለች።

አሥር ዓመት የሆናትን አንዲት ድመት እንውሰድ። በመንጋጋዋ ጥርስ ላይ፣ ከድዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ጥርሱ እየተበላ ነው። ይህ በድመቶች ዘንድ የተለመደ በሽታ ነው፤ የራሷ የሰውነት ሕዋሳት ጥርሱን ከሥሩ ያሟሙታል። ድዱ የተቦረቦረውን ስለሚሸፍነው ከላይ የሚታየው ቀይ ነጥብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቀዳዳው ሲነካ ግን እጅግ ያማል።

ይህች ድመት መብላቷን አታቆምም፤ አበላሏ ነው የሚለወጠው። ጭንቅላቷን ወደ አንድ ወገን አዘንብላ በደህናው በኩል ታኝካለች፣ ቁራሹ ከአፏ ይወድቃል፣ ጠንካራውን ትታ ለስላሳውን ትልሳለች። ቀጥሎ የሚለወጠው ጠጉሯ ነው። ድመት ራሷን የምታጸዳው በምላሷና በጥርሷ ስለሆነ፣ አፏን ሲያማት መላስ ትተዋለች። ጠጉሯ ይደበዝዛል፣ ይቆጣጠራል፤ ለሃጯ የፊት እግሮቿን ያረጥባል።

ጠጉሯ የተበላሸበት ቦታም ይናገራል። ደረቷና ፊቷ ንጹሕ ሆኖ ወገቧና የጅራቷ ሥር ብቻ ከተቋጠረ፣ ችግሩ ከአፏ ይልቅ ከመገጣጠሚያዋ ሊሆን ይችላል፤ ዞራ መድረስ አቅቷታል። ከ12 ዓመት በላይ በሆኑ ድመቶች ላይ በራጅ በተደረገ ጥናት ከአሥሩ ዘጠኙ የመገጣጠሚያ ጉዳት ተገኝቶባቸዋል። አብዛኞቹ አያነክሱም፤ በአንድ ዝላይ ይወጡበት የነበረውን ሶፋ በሁለት መውጣት ይጀምራሉ። በተቃራኒው የታችኛውን ሆዷን ጠጉሩ እስኪመለጥ የምትልስ ድመት የሚያማት ፊኛዋ ሊሆን ይችላል።

አቀማመጧንም ከርቀት ማየት ይጠቅማል። የተመቻት ድመት ጎኗን ጥላ ትዘረጋለች ወይም ተጠቅልላ ትተኛለች። ያመማት ግን አራት እግሯን ከሥሯ ሰብስባ፣ ጀርባዋን አጉብጣ፣ ጭንቅላቷን ከትከሻዋ ዝቅ አድርጋ ትኮራመታለች። የተኛች ትመስላለች እንጂ ጡንቻዋ አልላላም። በካናዳ የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት መለኪያ አምስት ነገሮች ይታያሉ፦ ጆሮ፣ ዓይን፣ አፍንጫና አፍ አካባቢ፣ ጢም፣ የጭንቅላት አያያዝ። ጆሮዎቿ ተራርቀው ወደ ውጭ ከዞሩ፣ ዓይኗ ከተጨፈነ፣ ጢሟ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ከተወጠረ ሕመም አለ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጣል፤ ድምሩ ከ10 ውስጥ 4 ከደረሰ የሕመም ማስታገሻ ሊያስፈልጋት ይችላል ማለት ነው። ጉሮሮዋ ኩርር ማለቱ አያታልላችሁ፤ ድመት ስትታመምም ኩርር ትላለች።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለ። ለሰው የሚሆን ማስታገሻ አትስጧት። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን ማስወገድ አይችልም፤ አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን ይገድላታል። አይቡፕሮፌንም መርዝ ነው። ሙሉ በሙሉ መብላት ካቆመች ሁለት ሦስት ቀን አትጠብቁ፤ በተለይ ወፍራም ድመት ስትራብ ስቡ በጉበቷ ይከማችና ጉበቷ መሥራት ያቆማል። ወንድ ድመት ለመሽናት እየተቀመጠ ምንም የማይወጣው ከሆነ ደግሞ የዚያኑ ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ቱቦው ከተደፈነ በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል።

ሐኪም ቤት ስትደርሱ ድመቷ በፍርሃት ትደርቃለችና ያያችሁት ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ቤት ሳላችሁ ስትበላ፣ ስትዘልና ስትቀመጥ በስልካችሁ ቅረጿት። የጥርሱ በሽታ ድመቷ ተኝታ፣ በራጅ ታይቶ ነው የሚረጋገጠው፤ ሕክምናውም ጥርሱን መንቀል ነው። ብዙ ባለቤቶች «ጥርስ ሳይኖራት ምን ትበላለች?» ብለው ይሰጋሉ። ድዷ ከዳነ በኋላ ግን ለስላሳውን ምግብ ያለችግር ትበላለች፤ ጠጉሯንም እንደገና መላስ ትጀምራለች።