ደረሰኙን በምን ስም እናስቀምጠው?



ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ለደንበኛ የምንቆርጠው ደረሰኝ ሁሉ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በጋራ የጉግል ድራይቭ ፎልደራችን ውስጥ ይቀመጣል። የካሽ ሬጂስተሩ ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ጽሑፉ እየቆየ ይደበዝዛል። ደንበኛ የተበላሸ ፓምፕ ይዞ ሲመጣ ምንም የማይነበብ ወረቀት ይዘን መከራከር የለብንም።

አደራ የምላችሁ የፋይሉን ስም ነው። መጀመሪያ ዓመት፣ ከዚያ ወር፣ ቀን፣ የደረሰኙ ቁጥርና ዕቃው ይጻፋል። መጋቢት 1 ቀን 2017 የተሸጠ ፓምፕ እንዲህ ይሰየማል፦

```
2025-03-10_00004512_ፓምፕ
```

ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር የምንጽፈው ማሽኑ ደረሰኙ ላይ የሚያትመው እሱን ስለሆነ ነው። አንዳችን 2017-07-01 ብለን ብንጽፍ ያ ደረሰኝ ከስምንት ዓመት በፊት የተቆረጠ መስሎ ይሰለፋል፤ በቀን የሚፈልገው ሰው አያገኘውም። ቀኑን ከዓመቱ ብናስቀድም ደግሞ የየወሩ 10ኛ ቀን ሽያጭ ሁሉ አንድ ላይ ይከማቻል።

የተሳሳተ ደረሰኝ አይጠፋም፤ ስሙ መጨረሻ ላይ «ተሽሯል» ይጨመርበታል። የጠፋ ፋይል ቅርጫት ውስጥ የሚቆየው 30 ቀን ብቻ ነው።

ኔትወርክ ሲቋረጥ ፎቶው ሳይላክ ስልካችሁ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ማታ ካሸሯ በዜድ ሪፖርቱ ላይ ያለውን የደረሰኝ ብዛት ፎልደሩ ውስጥ ካሉት ፋይሎች ጋር ታመሳክራለች። ቁጥሩ ካልገጠመ የየራሳችንን ስልክ እናያለን፤ የጎደለው ሳይገኝ ሱቁ አይዘጋም።