ብራንዳችሁ «ጀግና» ነው ወይስ «ሽፍታ»? 12ቱ ገጸ ባህርያት የሚጠቅሙበትና የሚሸውዱበት ቦታ

ቴሌግራም ላይ ጫማ ወይም ሽቶ መሸጥ ጀምራችኋል እንበል። ሎጎ ልታሠሩ ዲዛይነር ጋ ስትሄዱ አንድ ጥያቄ ሊገጥማችሁ ይችላል፦ «ብራንዳችሁ ሰው ቢሆን ምን ዓይነት ሰው ነው?» ከዚያ 12 ቦታ የተከፈለ ክብ ይቀርብላችሁና አንዱን ምረጡ ትባላላችሁ። ቀለሙ፣ የፊደሉ ቅርጽ፣ የፖስቱ አጻጻፍ ሁሉ ከዚያች ምርጫ ይወጣል። የምትከፍሉትም ለዚያ ነው።

እስቲ ከመክፈላችሁ በፊት ክቡን አብረን እንየው። (ከታች ያሉት ዓመተ ምህረቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ «አርኬታይፕ» ይባላል። ቃሉን ያስተዋወቀው የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሐኪም ካርል ዩንግ ነው። በሰዎች ተረትና ህልም ውስጥ እየተደጋገሙ የሚመጡ ምስሎችን ለመግለጽ ተጠቀመበት። ግን ለብራንድ ብሎ 12 ገጸ ባህርይ የቆጠረው እሱ አይደለም። ዛሬ የምናየውን የብራንድ ዝርዝር ያወጡት ማርጋሬት ማርክ እና ካሮል ፒርሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ መጽሐፋቸው የወጣው በ2001 ነው። ስለዚህ «ዩንግ በሳይንስ ያረጋገጠው» እያለ የሚሸጥላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ቀስ በሉ።

ሁለቱ ሴቶች 12ቱን በአራት የሰው ፍላጎት ሥር መደቧቸው። መረጋጋት ለሚፈልግ ተንከባካቢው፣ ፈጣሪውና ገዢው አሉ። ከሰው ጋር መሆን ለሚፈልግ ተራው ሰው፣ አፍቃሪውና ቀልደኛው። ራሱን መፈለግ ለሚወድ የዋሁ፣ ተጓዡና ጠቢቡ። ዓለምን መለወጥ ለሚፈልግ ደግሞ ጀግናው፣ ሽፍታውና አስማተኛው።

ጥቅም የለውም አንልም። አንድ ገጽ ላይ ሦስት ልጆች እየተፈራረቁ የሚጽፉ ከሆነ ጠዋት ቀልደኛ፣ ከሰዓት ቆፍጣና፣ ማታ እንደ መንግሥት መግለጫ ሊሆን ይችላል። «እኛ ተንከባካቢ ነን» ብለው ከተስማሙ ዕቃ ሲዘገይ ምን ብለው እንደሚመልሱ ያውቃሉ፦ «ይቅርታ፣ ዛሬ አይደርስም። ነገ እስከ 6 ሰዓት እናደርሳለን፤ ካልተመቸሽ ብርሽን እንመልሳለን።» ክቡ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰዎች በአንድ አንደበት እንዲናገሩ ያግዛል።

ችግሩ የሚጀምረው «ብራንዶች ትልቅ የሆኑት አርኬታይፓቸውን ስላወቁ ነው» ሲባል ነው። ለዚህ ሁሌም ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ ሃርሊ ዴቪድሰን፣ የአሜሪካው ሞተር ሳይክል ነው። በዝርዝሩ ላይ ቦታው «ሽፍታው» ጋ ነው፤ ሕግ የማይገዛው፣ የራሱን መንገድ የሚሄድ። ታሪኩን በቅደም ተከተል ስናየው ግን ሌላ ነገር እናገኛለን።

በ1969 «ኢዚ ራይደር» የተባለው ፊልም ወጣ። ሁለት ጸጉራቸውን ያሳደጉ ወጣቶች በሃርሊ አሜሪካን ያቋርጣሉ። የሽፍታው ምስል ከዚህ በላይ ሊደምቅ አይችልም። በዚያው ዓመት ድርጅቱ ኤ.ኤም.ኤፍ ለተባለ ትልቅ ኩባንያ ተሸጠ። በቀጣዮቹ ዓመታት የሞተሮቹ ጥራት ወረደ። ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር የሃርሊ መቀለጃ ሆነ፣ የጃፓን ሞተሮችም ገበያውን ወሰዱት። ልብ በሉ፦ ስብዕናው አልጠፋም፣ እንዲያውም ገኖ ነበር። ድርጅቱ ግን እየሰመጠ ነበር።

በ1981 አሥራ ሦስት የሥራ ኃላፊዎች ድርጅቱን መልሰው ገዙት። ከዚያ ምን አደረጉ? የማምረቻውን አሠራር ቀይረው ጥራቱን አስተካከሉ። በ1983 ደግሞ የባለቤቶች ማኅበር አቋቋሙ፤ አባላቱ በየአካባቢያቸው እየተሰበሰቡ አብረው የሚጋልቡበት ነው። በዚያው ዓመት፣ በድርጅቱ ጥያቄ፣ የሬገን መንግሥት ከ700 ሲሲ በላይ በሆኑ ከውጭ የሚገቡ ሞተሮች ላይ የነበረውን ቀረጥ ከ4.4 ወደ 49.4 በመቶ አሳደገው። ቀረጡ በየዓመቱ እየቀነሰ ለአምስት ዓመት እንዲቆይ ነበር የታሰበው፤ ሃርሊ ግን አገግሞ በ1987 «ይበቃኛል፣ አንሱልኝ» አለ።

«ሽፍታው» መንግሥት ጋ ሄዶ ከለላ ጠየቀ ማለት ነው። ማኅበሩ ደግሞ በክቡ መሠረት የሽፍታ ሳይሆን የ«ተራው ሰው» ሥራ ነው፤ ከሰው ጋር መሆን። ያው ሃርሊ ለአሜሪካ ፖሊሶችም ሞተር ሲሸጥ የኖረ ድርጅት ነው። አንዷን ስም ብቻ ይዞ ለሚያይ ሰው ይሄ ሁሉ አይታይም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንይዛለን። አንደኛ፣ ምሳሌዎቹ የሚመረጡት ድርጅቱ ከተሳካለት በኋላ ነው። መጽሐፉ በ2001 ሲወጣ ሃርሊ ድኖ ጨርሷል። ያሸነፈን ሰው አይቶ «ጀግና ስለሆነ ነው» ማለት ቀላል ነው፤ ጀግና ነኝ ብለው የከሰሩትን ግን ማንም አይዘረዝራቸውም። ሁለተኛ፣ ስብዕና የዕቃውን ጉድለት አይሸፍንም። በሁለተኛ ሳምንቱ ሶሉ የሚላቀቅ ጫማ ሎጎው ላይ አንበሳ ቢሳልበትም ያው ሶሉ የተላቀቀ ጫማ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ለእኛ በጣም የቀረበ ነው። ክቡ «በሰው ልጅ ሁሉ ልብ ውስጥ ያሉ» ገጸ ባህርያትን እንደያዘ ተደርጎ ይቀርባል። እስቲ «ሽፍታ» የሚለውን ቃል ብቻ እንውሰድ። በ1855 የነገሡት አፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ቋራ ላይ ሸፍተው ነበር። ስለዚህ ለአንዱ ሰው ሽፍታ ማለት በደልን እምቢ ያለ ጎበዝ ነው። ከብቱን ለተነዳበት ገበሬ ግን ሽፍታ ማለት ሌባ ነው። ቃሉ አንድ፣ ስሜቱ ሁለት። አሜሪካ ውስጥ ለሞተር የሠራ ምስል ብር ወይም መድኃኒት ለሚቀበል ድርጅት እዚህ ምን ይሆናል?

ይሄ የእኛ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። ጄኒፈር አከር የተባለች ተመራማሪ በ1997 አሜሪካውያን የብራንድን ስብዕና በምን በምን እንደሚገልጹ ለካች። ካገኘቻቸው አምስት መልኮች አንዱ የካውቦይ ዓይነት ጠንካራነት ነበር። በ2001 ከባልደረቦቿ ጋር ጃፓን ላይ ሲያጠኑ ግን ይሄ መልክ የለም፤ በቦታው «ሰላማዊነት» ተገኘ። የሀገሩ ሰው ሲለወጥ ዝርዝሩም ተለወጠ።

ታዲያ ክቡን እንጣለው? አይ፣ በቦታው እንጠቀምበት። ገጸ ባህርይ ከመረጣችሁ በኋላ ሦስት መልእክት ጻፉ፦ ዕቃ ሲዘገይ፣ ደንበኛ ሲቆጣ፣ እና «ቀንሱልኝ» ስትባሉ። ከዚያ ሌላ ገጸ ባህርይ ይዛችሁ እነዚያኑ ሦስቱን እንደገና ጻፉ። መልሶቹ ከተመሳሰሉ ምርጫው ምንም አልወሰነላችሁም፤ የተቀየረው የሎጎው ቀለም ብቻ ነው።

ቀጥሎ ከእናንተ የገዙ አሥር ሰዎችን፣ ክቡን ሳታሳዩ፣ «ስለ እኛ ለጓደኛህ ብትነግረው ምን ትላለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ቶሎ ያደርሳሉ» ወይም «ስልክ አያነሱም» የሚል መልስ ልታገኙ ትችላላችሁ። «ጠቢብ ናቸው» የሚል አትጠብቁ። ደንበኛው የሚያውቀው ስብዕናችሁ ያ የነገራችሁ ነው። ስልክ የማያነሳ «ተንከባካቢ» ካለ፣ መጀመሪያ ስልኩን ያንሳ፤ ሎጎው ይደርሳል።