ጉልቻው ተለወጠ፣ ወጡ ግን አልጣፈጠም

በ1998 የጀርመኑ ዳይምለር ቤንዝ እና የአሜሪካው ክራይስለር አንድ ኩባንያ ሊሆኑ መስማማታቸውን ለንደን ላይ አስታወቁ (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንዱ መርሴዲስን፣ ሌላው ጂፕን የሚሠሩ ነበሩ። ወደ 36 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋው ይህ ውህደት «የእኩዮች ጋብቻ» ተባለለት። በ2007 ጋብቻው ፈረሰ። ዳይምለር ከክራይስለር 80.1 በመቶውን ሰርበረስ ለተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት በ7.4 ቢሊዮን ዶላር ሰጠ፤ የገንዘቡም አብዛኛው የገባው ወደ ዳይምለር ካዝና ሳይሆን ወደ ክራይስለር ራሱ ነው።

ለምን ፈረሰ? ብዙ ሰው «ባህላቸው አልገጠመም» ይላል። አባባሉ ስህተት የለበትም፤ ነገር ግን ሐኪም ዘንድ ሄዶ «አሞሃል» ተብሎ እንደ መመለስ ነው። የቱ ጋ እንደሚያም ለማወቅ የአስተዳደር ባለሙያዎች ከሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱ «ሰባቱ ኤስ» ይባላል።

መሣሪያውን በ1970ዎቹ መጨረሻ የቀመሩት በማኪንዚ አማካሪ ድርጅት ዙሪያ የነበሩት ቶም ፒተርስ፣ ሮበርት ዋተርማን፣ ሪቻርድ ፓስካልና አንቶኒ አቶስ ናቸው። በዚያን ጊዜ ኩባንያ ሲታመም የሚታዘዝለት መድኃኒት የመዋቅር ለውጥ ነበር። እነሱ ግን ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም አሉ፤ በራሳቸው ቋንቋ እርግጥ ነው። ከመዋቅሩ ጎን ሌሎች ስድስት ነገሮችን አሰለፉ፤ ስትራቴጂ፣ የዕለት ተዕለት አሠራር፣ የጋራ እሴት፣ የአመራር ጠባይ፣ የሰው ኃይልና ክህሎት። የሁሉም የእንግሊዝኛ ስም በኤስ ስለሚጀምር ስያሜውን አገኘ። በሥዕሉ ላይ የጋራ እሴት መሀል ይቀመጣል፤ ሰባቱም እርስ በርስ በመስመር ይያያዛሉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሰባቱን ሣጥኖች ሞልተው ሥራው ያለቀ ሲመስላቸው ነው። በሽታው ያለው በመስመሮቹ ላይ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሁለት ዓምድ ይዘጋጅና ለየኩባንያው ሰባቱ ነገሮች ከውህደቱ በፊት እንዴት እንደነበሩ ይጻፋል። ሦስተኛው ዓምድ አዲሱ ኩባንያ እሆናለሁ ያለውን ይይዛል። በዓምዶቹ ውስጥ የሚገባው አስተያየት ሳይሆን ማስረጃ ነው። «ፈጣን ነን» ተብሎ አይጻፍም፤ አንድ ውሳኔ ስንት ቀን እንደፈጀና ስንት ሰው እንደፈረመበት ይጻፋል። ከዚያ ሦስተኛው ዓምድ ጥንድ በጥንድ ይመረመራል፤ ስትራቴጂው የሚጠይቀውን እሴቱ ይፈቅዳል? እሴቱ ቃል የገባውን መዋቅሩ ይፈጽማል?

የዳይምለር ክራይስለርን ሦስተኛ ዓምድ እንመልከት። ስትራቴጂው በመጀመሪያው ዓመት 1.4 ቢሊዮን ዶላር ቁጠባና ተጨማሪ ገቢ ይገኛል የሚል ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ በዓመት 3 ቢሊዮን። ቢሮ በማጣመርና ዕቃ በጋራ በመግዛት የሚገኘው ቁጠባ ወሰን አለው። ትልቁ ትርፍ የሚመጣው ሁለቱ ወገኖች ካምቢዮ፣ ሞተርና የመኪናውን አካል የሚሸከመውን መሠረት ሲጋሩ ነው። እዚህ ላይ ስትራቴጂው ከእሴት ጋር ይላተማል። ለሽቱትጋርት ሰዎች መርሴዲስ ክብራቸው ነው፤ ክፍሎቹ በርካሽ መኪና ውስጥ ከታዩ ስሙ ይረክሳል ብለው ይፈሩ ነበር። ክራይስለር ደግሞ ሕይወቱ ያለው ለብዙኃኑ በሚሠራ ሚኒቫንና ጂፕ ላይ ነው። ስለዚህ ገና ከመነሻው ስትራቴጂው «ተጋሩ» ሲል እሴቱ «አትንኩ» ይል ነበር።

ሁለተኛው የተበጠሰ መስመር በእሴትና በመዋቅር መካከል ያለው ነው። የታወጀው እሴት እኩልነት ነው። መዋቅሩ ግን በጀርመን ሕግ የተቋቋመ ኩባንያ ሆነ። ዩርገን ሽሬምፕና ሮበርት ኢተን ሊቀ መንበርነቱን በጋራ ያዙ፤ ኢተን ግን እንደሚለቁ አስቀድመው ተናግረው ስለነበር ሥልጣናቸው ከቀን ወደ ቀን ተሸረሸረ፤ በ2000ም ሄዱ። በዚያው ዓመት ሽሬምፕ ለፋይናንሻል ታይምስ ጋዜጣ ክራይስለርን ከመጀመሪያው እንደ አንድ ክፍል ለማየት አስበው እንደነበር ሲገልጹ፣ ሠራተኛው በመዋቅሩ ሲያየው የኖረውን ከአለቃው አፍ ሰማ።

የቀሩት ሣጥኖች የዚህን ጭቅጭቅ ውጤት ያሳያሉ። የክራይስለር ክህሎት ያለው ንድፍ አውጪው፣ መሐንዲሱ፣ ገዢውና የፋብሪካው ሰው አንድ ላይ ሆነው አንድ መኪና ከሐሳብ እስከ ምርት በሚያደርሱበት ትንንሽ ቡድን ውስጥ ነበር። የጀርመኖቹ ልማድ ጉዳይን በዝርዝር ጥናት አዘጋጅቶ በየደረጃው ማሳለፍ ነው። ሁለቱም በየቤታቸው ሠርተዋል፤ ሲቀላቀሉ ግን አንዱ ሌላውን ዘገምተኛ፣ ሌላው አንዱን ግዴለሽ ማለት ጀመረ። በሰው ኃይል በኩል የክራይስለር አለቆች ከጀርመን አቻዎቻቸው እጅግ የበለጠ ደመወዝ ይበሉ ነበር፤ የበላዩ ከበታቹ ያነሰ ሲከፈለው ቅሬታው አይቀርም። ከዚያ መልቀቂያው ተከታተለ፤ ፕሬዚዳንቱ ቶማስ ስታልካምፕ በ1999 ወጡ፤ የተተኩት ጄምስ ሆልደን በ2000 ተሰናበቱ፤ ወንበሩም ለጀርመናዊው ዲተር ዜቸ ሆነ። በ2001 መጀመሪያ 26,000 የሥራ ቦታዎች እንደሚቀነሱ ተነገረ።

ከእነዚህ ሁሉ ሥሩ የትኛው ነው? ለመለየት «ይህ ብቻውን ቢስተካከል ሌሎቹ ይላላሉ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ደመወዙ እኩል ቢደረግ፣ ክራይስለር የመርሴዲስን ካምቢዮ አሁንም አያገኝም። ሊቀ መንበርነቱ በእኩል ቢቀጥል፣ ቁጠባው አሁንም የለም። የመጋራቱ ጥያቄ ግን ሲፈታ የሆነውን ማየት ይቻላል። በ2004 የወጣው ክራይስለር 300 ከመርሴዲስ የተወሰዱ ክፍሎች ነበሩበት፤ ገበያውም ወደደው። ክህሎቱ አልጎደለም ነበር ማለት ነው፤ የጎደለው ፈቃዱ ነበር፤ ፈቃዱም የመጣው ዘግይቶ ነው።

ይህ መሣሪያ የማያየው ነገርም አለ። ሰባቱም ሣጥኖች ከግቢው አጥር ውስጥ ናቸው፤ ገበያውና ተፎካካሪው ሥዕሉ ላይ የሉም። ክራይስለር ሲንገዳገድ አሜሪካ ውስጥ የቅናሽ ፉክክር በርትቶ ነበር፤ ሌሎችም የተሻሉ ሚኒቫኖችና ትልልቅ የቤተሰብ መኪኖች አምጥተዋል። ከማንም ጋር ያልተዋሃደው ፎርድ በ2001 ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሯል። ስለዚህ መርማሪው ከሰባቱ ጎን «ብቻውን ቢሆንስ ይከስር ነበር?» የሚል ስምንተኛ ጥያቄ ካልያዘ፣ የገበያን ጥፋት በባህል ያሳብባል።

አሁን ውህደት ውስጥ ላለ ሰው ሁሉንም ሣጥን ከመሙላት በፊት የሚጠቅም አንድ ፍተሻ አለ። ውህደቱ ትርፍ ያመጣል የተባለበትን ነጠላ ነገር ያንሳና፣ ያንን ነገር ለሌላው ወገን እንዲሰጥ የሚጠበቀው ክፍል ኃላፊ ዘንድ ሄዶ መቼ እንደሚሰጥ ይጠይቅ። ኃላፊው ቀን ከቆረጠ መስመሩ አለ። «በመርህ ደረጃ እንስማማለን» ካለ፣ መስመሩ ያኔውኑ ተበጥሷል።