ዳቦዬን ወይስ ዳቦም?

ቴህራን የምትኖር አንዲት እናት ለልጇ በስልክ እንዲህ ብላ ጻፈች እንበል፦ «መነም ሚያም ኑነም ሚጊረም ቤ ኡነም ቤጉ ቆርቡኔት ቤረም»። አራት ነጥብም ነጠላ ሰረዝም የለውም። ፋርስኛን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው ይህን ወደ እንግሊዝኛ ልመልሰው ቢል ገና ከመጀመሪያው ቃል ይሰናከላል።

በመጽሐፍ ፋርስኛ ዳቦ «ናን» ነው። በቴህራን ሰው አፍ ግን «ን» እና «ም» ፊት ያለው ረጅም «አ» ብዙ ጊዜ ወደ «ኡ» ስለሚዞር «ኑን» ይባላል፤ ቤት ማለት የሆነው «ኻኔ»ም «ኹኔ» ይሆናል። መልእክት ሲጻፍም እንደ አነጋገሩ ነው። ይህ ቶሎ ይለመዳል። የሚያደናግረው መጨረሻ ላይ የተለጠፈው ነገር ነው።

«ኸም» ማለት «ደግሞ» ማለት ነው። በንግግር «ኸ»ን የመሰለው ድምፅ ይወድቅና የቀረው ከቃሉ ጋር ይጣበቃል፤ እኛ «ዳቦም» እንደምንለው። ነገር ግን «የእኔ» የሚለውና «ነኝ» የሚለው ቅጥያም አጻጻፋቸው ያው ነው። ስለዚህ «ኑነም» ዳቦም፣ ዳቦዬም ሊሆን ይችላል። «መነም» ደግሞ «እኔም» ወይም «እኔ ነኝ» ነው።

የዳቦውን ነገር ሰዋስው ይፈታዋል። እናትየው «ዳቦዬን» ለማለት ፈልጋ ቢሆን ኖሮ፣ የእኛን «ን» የሚመስለው «ራ» በንግግር አጥሮ «ኑነሞ ሚጊረም» ይሆን ነበር። ያ «ኦ» ስለሌለ «ዳቦም እገዛለሁ» ማለቷ ነው። «መነም»ን ግን የሚፈታው ከዚያ በፊት የተባባሉት ነው። ልጅቷ ቀድማ «አያቴ ጋ እየሄድኩ ነው» ብላ ከነበረ «እኔም እመጣለሁ» ነው፤ መልእክቱ ከማይታወቅ ቁጥር የመጣ ከሆነ ግን «እኔ ነኝ፤ እየመጣሁ ነው» ሊሆን ይችላል።

«ቤ ኡነም ቤጉ» ላይ ሌላ ፈተና አለ። ፋርስኛ «እሱ» እና «እሷ»ን አይለይም። እንግሊዝኛው ግን እንደ አማርኛው ምረጥ ይላል። ተርጓሚው የሚነገረው ሰው ማን እንደሆነ ከቀደሙት መልእክቶች ካላገኘ መጠየቅ አለበት እንጂ በልማድ «እሱ» ብሎ ማለፍ የለበትም።

የመጨረሻው «ቆርቡኔት ቤረም» ቃል በቃል «መሥዋዕትሽ ሆኜ ልሂድ» ማለት ነው፤ ውስጡ ያለው «ቆርባን» ከእኛው «ቁርባን» ጋር ዘመድ ነው። ለአማርኛ አንባቢ «ልሙትልሽ» ብሎ መመለስ ይበቃል፤ ማንም አይደነግጥም። እንግሊዛዊ አንባቢ ግን መሥዋዕት የሚለውን ሲያይ አንድ አደጋ የደረሰ ይመስለዋል። ስለዚህ ከእናት ለልጅ ሲሆን «ላቭ ዩ»፣ ውለታ ለዋለ ጓደኛ ሲሆን «ታንክስ» ማለት ለመልእክቱ ይበልጥ ይታመናል። ይህችኛዋ እናት ዳቦ ይዛ እየመጣች ነውና የእሷ «ላቭ ዩ» ነው።