ለሠርግ ፎቶ ጀማሪ፦ ስልክ ወይስ ሚረርለስ?

ሠርግ ማንሳት የሚጀምር ወጣት ኪሱ ውስጥ ጥሩ ስልክ ካለ ለሚረርለስ ካሜራ ገንዘብ ማውጣት ይከብደዋል። ቀን ቀን ከሆነ እውነት አለው። ሙሽራዋ በቤተሰቦቿ ቤት መስኮት አጠገብ ስትዋብ፣ ሚዜዎች ደጅ ላይ ሲጨፍሩ፣ ከዚያም መናፈሻው ውስጥ ቬሎው ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ሲነሱ ብርሃን ሞልቷል። ያን ጊዜ የተነሱትን ፎቶዎች በስልክ ለሚያይ ሰው፣ የትኛው በስልክ የትኛው በካሜራ እንደተነሳ መለየት ቀላል አይደለም።

ልዩነቱ የሚወጣው አዳራሽ ውስጥ ነው።

ምሽት ላይ ዋናው መብራት ይደበዝዛል፣ ባለቀለሙ ይበራል፣ እስክስታው ይጀመራል። ስልክ ብርሃን ሲያጥረው ሻተሩን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ ያቆያል፤ በተከታታይ ያነሳቸውንም ምስሎች አዋህዶ አንድ ያደርጋል። ለኬኩና ለጠረጴዛው ጌጥ ይህ በጣም ጥሩ ዘዴ ነው። የሚወዛወዝ ትከሻ ግን እስኪጨርስ አይጠብቀውም። ፎቶው በስልኩ ስክሪን ላይ ደህና ይመስላል፤ አልበም ላይ በትልቁ ሲታተም እጆቹ ተንነው፣ ፊቱም እንደ ሰም ለስልሶ ይገኛል።

ይህን ለማረጋገጥ የፎቶውን ዝርዝር መረጃ ከፍቶ የሻተሩን ፍጥነት ማየት ይበቃል። 1/30 የሚል ከሆነ ለጭፈራ ዘገምተኛ ነው። እስክስታ ጥርት ብሎ እንዲወጣ 1/200 አካባቢ ይፈልጋል።

ታዲያ ሚረርለስ የገዛ ሁሉ ከዚህ ችግር ይድናል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጀማሪ ገንዘቡን የሚያባክነውም እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ በ2023 የወጣውን ካኖን አር 50 እንውሰድ። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ በስፋት ከአይፎን 15 ፕሮ ዋና ካሜራ ሴንሰር ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ነገር ግን አብሮት የሚሸጠው 18-45 ሌንስ ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ በሰፊው ሲያነሳ ኤፍ 4.5፣ ሲያቀርብ ደግሞ ኤፍ 6.3 ነው። የስልኩ ዋና ሌንስ ወደ ኤፍ 1.8 ይጠጋል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋልና፣ በኤፍ 4.5 የሚገባው ብርሃን ለእያንዳንዷ የሴንሰር ቁራጭ ከስልኩ በስድስት እጥፍ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ትልቁ ሴንሰር ያተረፈውን ሌንሱ መልሶ ይበላዋል። በጨለማ አዳራሽ ይህ ካሜራ ከነሌንሱ ስልኩን አይበልጥም።

መፍትሔው የካኖን 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ነው፤ ከካኖን ሌንሶች በዋጋ ዝቅተኞቹ መካከል ይቆጠራል። ሻተሩን 1/200፣ ቀዳዳውን ኤፍ 1.8 አድርጎ አይኤስኦውን ወደ 3200 አካባቢ ከፍ ማድረግ ነው፤ ጨለማው ከባሰ ከዚያም በላይ። ያኔ የሙሽራዋ ሳቅ፣ የአባቷ እንባ፣ የሚዜው ዝላይ ባለበት ይቆማል። የራሱ ጣጣም አለው። በኤፍ 1.8 ጥርት የሚለው ቦታ ቀጭን ስለሆነ ሙሽራዋ ጠርታ፣ አንድ እርምጃ ከኋላዋ ያለው ሙሽራ ሊደበዝዝ ይችላል። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያነሱ ኤፍ 2.8 ይሻላል። ሌንሱ ጠባብ ስለሚያይም ዘመድ አዝማድ ሁሉ ሙሽሮቹን ከብቦ ሲቆም አይበቃውም፤ ያኔ ወደ 18-45 መመለስና ብርሃኑን በፍላሽ መጨመር ግድ ነው።

ፍላሽ ደግሞ ስልክ የማይደርስበት ሌላ ነገር ነው። ካሜራው ላይ የሚሰካ ፍላሽ ወደ ነጭ ኮርኒስ ዞሮ ሲበራ ብርሃኑ ከላይ ተመልሶ ለስላሳ ሆኖ ፊት ላይ ይወርዳል። አር 50 የሚገዛ ሰው ግን የቆዩ የካኖን ፍላሾች ኤዲ ኢ 1 የሚባል ማገናኛ እንደሚፈልጉ ቀድሞ ይወቅ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በተለይ በተክሊል ጊዜ፣ ከፍላሹ በፊት የካህናቱ ፈቃድ ይቀድማል።

ይህ ካሜራ አንድ ሜሞሪ ካርድ ብቻ ነው የሚይዘው። ካርዱ ቢበላሽ ሠርጉ አይደገምም፤ ስለዚህ ከአንድ ትልቅ ካርድ ሁለት ሦስት ትናንሽ ካርዶችን እየቀያየሩ መጠቀም፣ ማታውኑም ሁለት ቦታ መገልበጥ ያስፈልጋል።

ስልኩ ግን አይጣል። ቤተሰብ በዚያው ምሽት በቴሌግራም የሚቀባበላቸው አጫጭር ቪዲዮዎች በእሱ ይቀላሉ። ለአልበም ክፍያ የተቀበለ ጀማሪ ግን አዳራሽ ውስጥ በስልክ ብቻ ባይገባ ይመረጣል። ለመግዛት አቅም እስኪኖረው ካሜራውን ከ50 ሚሊሜትሩ ጋር ለዕለቱ ይከራይ፤ ሲገዛም ውድ ካሜራ ከመምረጡ በፊት ለሌንሱ የሚሆነውን ገንዘብ ለይቶ ያስቀምጥ።